ተመልሶ የመጣ የቡና መፍጫ፦ ከ3,600 ብሩ ስንቱን ልመልስ?

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ሰኞ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የወጥ ቤት ዕቃ በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ሱቁ ጅማ ሄርማታ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአጋሮ ደንበኛ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ በ3,600 ብር ሸጬ በሚኒባስ ላክሁ። የመላኪያውን 120 ብር የከፈልኩት እኔ ነኝ። በስድስተኛው ቀን፣ ትናንት ማታ፣ ተመልሶ መጣ። መመለሻውን 120 ብር እሷ ከፍላለች። "ከመጀመሪያውም አልሠራም፣ ሙሉ ብሬን መልሺልኝ" ነው የምትለው።

ስከፍተው ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሿ ምላስ ተሰብራለች። ውስጡ ቡና ተፈጭቶበታል። ከታች የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ዕቃውን አቅፎ የነበረው ነጭ ፎምም የለም። ሶኬት ላይ ስሰካው ዝም ነው።

ሙሉውን ልመልስ? ግማሹን? ወይስ ምንም? ሴትየዋን ውሸታም ማድረግ አልፈልግም፤ ያለጥፋቴ መክሰርም ይከብደኛል።

---

ነጋዴው ልጅ | ሰኞ ጠዋት 3፡25

ግማሹን ቁረጪና ተገላገዪው። አማዞን ላይ እንኳን ገዢው አበላሽቶ የመለሰውን ዕቃ ሻጩ 50 በመቶ ይቆርጥበታል። እዚያ የሚሠራ ሕግ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም። 1,800 ብር ላኪላትና ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ሰኞ ጠዋት 4፡05

እህቴ፣ ስለ ብሩ ከማሰብሽ በፊት አንድ ነገር፦ ዕቃውን እንዳታጸጂው። እዚያ ውስጥ ያለው የቡና ዱቄት ማስረጃሽ ነው። ከጠረግሽው ማን ምን እንዳደረገ የሚነግርሽ ነገር አይኖርም። ደግመሽም አትሰኪው፤ የተቃጠለ የሚሸት ዕቃ ሳይፈተሽ አይሰካም።

"ነጋዴው ልጅ" ያልከው 50 በመቶ አለ፣ ግን "እስከ" የሚል ቃል አለበት። ጣሪያ ነው፣ ስሌት አይደለም። ደግሞም አንድ ድርጅት በራሱ ገበያ ላይ ላሉ ሻጮች ያወጣው ደንብ ነው። መፍጫው ከፋብሪካው ተበላሽቶ መጥቶ ከሆነ ግማሽ መቁረጥ የሰው ገንዘብ መውሰድ ነው። ገዢዋ አቃጥላው ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከግማሽ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። መጀመሪያ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ መቼ እንደተበላሸ፣ ብሩ መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ በቀን ብርሃን እነዚህን ተመልከቺና ጻፊልን።

አንደኛ፣ የተሰበረችውን ምላስ። ያቺ ምላስ ጌጥ አይደለችም። ክዳኑን ስትጫኚው ከጎን ባለው ቀዳዳ ገብታ ማብሪያውን የምትነካው እሷ ናት። እሷ ከሌለች መፍጫው ደህና ቢሆንም አይነሳም። ስብራቱን በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እዪው። የተሰበረው ፊት ላይ የቡና ዱቄትና ቅባት ገብቶበታል ወይስ ንጹሕ ነው? ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ስብራቱ ብቻ ነጭ ከሆነ፣ ቡናው ሲፈጭ ምላሷ ደህና ነበረች፣ የተሰበረችው በኋላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ቢላዋን በጨርቅ ይዘሽ በጣትሽ አዙሪ። በቀላሉ ይዞራል? ይከብዳል? ይንኳኳል?

ሦስተኛ፣ ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። KB የሚሉ ሁለት ፊደላትና ከጎናቸው ሰከንድ ወይም ደቂቃ ይኖራል። እሱን ፎቶ አንሺ።

አራተኛ፣ ከመላክሽ በፊት ያነሳሽው ፎቶ ወይም ቪዲዮ አለ?

---

ሚሚ ቆጪ | ሰኞ ቀን 6፡40

እኔም እዚሁ ልጠይቅ። ከአንድ ሱቅ ጫማ ገዝቼ አንድ ቀን ለሠርግ አድርጌው ጠበበኝ። ሶሉ ትንሽ ቆሽሿል እንጂ ምንም አልሆነም። ባለሱቁ አልቀበልም አለኝ። ሙሉ ብሬን የማስመለስ መብት አለኝ አይደል? ልክ እንደዚች የአጋሮዋ ሴትዮ ማለት ነው።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ሰኞ ቀን 7፡00

ሚሚ፣ ያንቺ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የጠበበ ጫማ የተበላሸ ጫማ አይደለም፣ ቁጥሩ አልሆነሽም ማለት ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ለክተሽ ብትመልሺው ብዙ ባለሱቅ ይቀይርልሻል። አስፋልት የነካ ሶል ግን እንደ አዲስ አይሸጥም። ይልቅ በሌላ ቁጥር እንዲቀይርልሽ ልዩነት ከፍለሽ ተደራደሪ፤ ሙሉ ብር ግን አትጠብቂ።

---

አዋጅ ጠቃሽ | ሰኞ ቀን 8፡15

ለጠያቂዋ፦ ይህ በክርክር የሚፈታ ነገር አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ስድስት ቀን ነው ያለፈው። ሙሉውን መልሺ፣ አለቀ። ደረሰኝ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብለሽ ብታትሚም አያድንሽም።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ሰኞ ቀን 8፡40

15 ቀኑ ልክ ነው። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍ ለጉድለት ዕቃ እንደማይሠራም እስማማለሁ። ግን አዋጁ የሚናገረው ጉድለት ስላለበት ዕቃ ነው። እዚህ የምንጠይቀው ጉድለቱ ከዕቃው ጋር መጣ ወይስ አጋሮ ላይ ተፈጠረ የሚለውን ነው። ቀኑን መቁጠር ይህን አይመልስልህም። ማየት ግድ ነው።

---

የአጋሮ መስመር | ሰኞ ማታ 1፡20

ስለ መንገዱ ልጨምር። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም፤ ዕቃ የሚሰበረው በመጫንና በማውረድ ነው። ረዳቱ ካርቶኑን ላይ ካደረገው የቡና ጆንያ ይጫንበታል፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ካርቶኑ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ካርቶን ውስጡ ፎም ከሌለ ክዳን መሰበሩ አይቀርም።

ካርቶኑን እዪው፤ ማዕዘኑ ገብቷል? ከጎን የእርጥበት ወዝ አለ? ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ከተሰበረ ዕቃው ያለ ፎም ወዲያ ወዲህ ሲንከባለል ነው የተሰበረው። ለወደፊቱ ደግሞ ለረዳቱ ስትሰጪ ካርቶኑን ከነስልክ ቁጥሩ ፎቶ አንሺ። ያለ ፎቶ ማንም ሾፌር "እኔ ሰበርኩ" አይልሽም።

---

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ማክሰኞ ጠዋት 2፡50

አመሰግናለሁ። እንዳላችሁት በመስኮት ብርሃን አየሁት።

ስብራቱ ነጭ ነው፤ ንጹሕ። ከእሱ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ግን የክዳኑ ውስጥ ቡናማ ነው፣ በጣት ሲነኩት ያጣብቃል። የካርቶኑ ውጪ ደህና ነው፣ አልረጠበም። ውስጡ አንድ ጎን ላይ ብረቱ ገፍቶ ያሰመረው ጭረት አለ።

ቢላው ይዞራል ግን ይከብዳል፣ እንደ ሙጫ ያዝ ያደርጋል። ሥሩ ላይ ጥቁር ሊጥ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቋል። ከታች የተጻፈው KB 30 s ነው። መመሪያው ደግሞ ቢበዛ 60 ግራም ይላል።

ከመላኬ በፊት ያለ ቪዲዮ አለኝ። ሰክቼ ለሁለት ሰከንድ አስነስቼዋለሁ፣ ከታች ያለው ቁጥርም ይታያል። ካርቶኑን ስዘጋ ግን አላነሳሁም።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ጎሽ። ከዚህ ብዙ ማለት ይቻላል።

ምላሷ ቡናው ከተፈጨ በኋላ ተሰብራለች። ብረቱ የካርቶኑን ውስጥ የጫረው ያለ ፎም ሲንከባለል ነው። አንቺ በፎም ነው የላክሽው ካልሽ፣ የመሰበሪያው ቦታ የመልስ ጉዞው ነው ብዬ እገምታለሁ። "ከመጀመሪያውም አልሠራም" የሚለው ከዱቄቱ ጋር አይሄድም። ግን ሴትየዋን ውሸታም አትበያት። ሰው "አልሠራም" ሲል "ሦስት ቀን ሠርቶ ቆመ" ማለቱ ብዙ ጊዜ ነው። ዕቃው ከአሳፈረው በኋላ ሁሉም ቀን አንድ ይሆንበታል።

አሁን ለምን እንደቆመ። KB 30 s ማለት በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ አይሂድ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ ማለት ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ በጥቅልሉ ላይ ትንሽ የብር ቀለም ያላት ሲሊንደር፣ በነጭ ቱቦ የተሸፈነች፣ ፊውዝ ያስሩበታል። ሙቀቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ትበጠሳለች፣ ስትቀዘቅዝ አትመለስም። ሰው "ሞተሩ ተቃጠለ" የሚለው ብዙውን ጊዜ የዚህችን ፊውዝ መበጠስ ነው። ሞተሩ ራሱ ደህና ይሆናል።

ለማወቅ፦ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ከሥር ያሉት ብሎኖች ተፈትተው፣ በቴስተር የፊውዟን ሁለት ጫፍ ለኪ። ከጮኸ ደህና ናት፤ ዝም ካለ ተበጥሳለች። ከሶኬቱ ጫፍ መለካት እንዳትመርጪ፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ዳዮድ ስላላቸው ንባቡ ያሳስታል። ከዚያ ሽታውን ወደ ጥቅልሉ ተጠግተሽ አሽትቺ። ሽቦው ጠቁሮ ቫርኒሹ ከተላጠ ሞተሩ አልቋል። ሽቦው አሁንም እንደ ማር የሚያበራ ከሆነ ፊውዙን ቀይሮ ይነሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፊውዟ ከተበጠሰች በሽቦ አታገናኙት። ብዙ ቦታ እንዲህ ይሠራል፤ መፍጫው ይነሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲግል የሚያቆመው ነገር ስለሌለ እሳት ነው። ላይዋ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አይታችሁ ያንኑ ተኩ። ስትበየድ ደግሞ እግሯ በፒንሳ ይያዝ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ይበጥሳታል።

---

ነጋዴው ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። አብዝታ ፈጨች፣ አቃጠለች፣ ሰበረች። አንድ ብር አትመልሺ። ዕቃውን መልሰሽ ላኪላት።

---

እትዬ ሸማች | ማክሰኞ ጠዋት 4፡35

ልጄ፣ ቀስ በል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። 30 ሰከንድ የሚለውን ማን ነገራት? ከታች በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ጽፎ "አውቀሽ ነበር" ማለት ፍትሕ አይደለም። ጅማና አጋሮ ቡና የሚፈጨው ለአንድ ሲኒ አይደለም። ቡናው ተቆልቶ ሙሉ ረከቦት ቀርቦ፣ ሰው ተቀምጦ ነው። 60 ግራም ምን ይሆናል? ማንኛዋም ሴት ሞልታ ትፈጫለች። ሻጯ ይህን ታውቃለች፣ ገዢዋ አታውቅም። ማስታወቂያው ላይ "ለ60 ግራም፣ ለ30 ሰከንድ ብቻ" ብላ ጽፋ ነበር?

---

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ማክሰኞ ጠዋት 4፡50

እትዬ፣ አልጻፍኩም። "ፈጣን፣ ጠንካራ፣ ለቤት የሚሆን" ነው ያልኩት። በዚህ እናንተ ትክክል ናችሁ።

ቴስተሩን ጎረቤት ሱቅ ለካልኝ፣ ፊውዟ ተበጥሳለች። ሽቦው አልጠቆረም። ሥሩ ያለውን ሊጥ ትንሽ ሲጭሩት በርበሬ የመሰለ ቀይ ነገርም ተገኘ።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ማክሰኞ ቀን 6፡10

እትዬ ያሉት ጉዳዩን ይለውጠዋል፣ አመዛዝነው ነው የተናገሩት። ጥፋቱን ሁለት ላይ ማካፈል አለብን። በርበሬው ግን የገዢዋን ወገን ያከብደዋል። በርበሬ ዘይት አለው፣ ዱቄቱ ከቢላው ሥር ገብቶ ከትኩስ ቡና ቅባት ጋር ሊጥ ይሆናል፣ ዘንጉን ያከብደዋል፣ ሞተሩ ታግሎ ይግላል። ዕቃው "የቡና መፍጫ" ተብሎ ነው የተሸጠው።

ይሁንና የተበጠሰ ፊውዝ ብቻውን ጥፋተኛን አይለይም። ዘንጉ ከፋብሪካ ደረቅ ሆኖ መጥቶ ቢሆን ኖሮም ይበጠስ ነበር። ልዩነቱ፦ ከፋብሪካ የመጣ ክብደት ሊጡ ከተጠረገ በኋላም ይቀራል። ሊጡን በደረቅ ብሩሽ ጠርገሽ ቢላውን ደግመሽ አዙሪው። ከቀለለ ሊጡ ነው፣ ከከበደ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ከሆነ ክርክሩን ተዪና ሙሉውን መልሺ፣ የመመለሻ 120 ብሯንም ጨምሪ።

---

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ማክሰኞ ቀን 9፡00

ቀለለ። እንደ አዲሱ ይዞራል። ከመደርደሪያው ላይ አዲስ አውጥቼ ጎን ለጎን አዞርኳቸው፣ ልዩነት አጣሁ።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ማክሰኞ ቀን 9፡45

ከአዲሱ ጋር ማወዳደርሽ ደግ ነው፤ እኔም አልነገርኩሽም ነበር። አሁን ወደ ብሩ እንሂድ።

መጀመሪያ "ስንት በመቶ" የሚለውን ሐሳብ ጣይው። ጥያቄው፦ ይህ ዕቃ አሁን ምን ያህል ዋጋ አጣ? ከዚያ ያጣው ዋጋ በማን ምክንያት ነው?

ፊውዝ ከነጉልበቱ 310 ብር ይፈጃል እንበል። ክዳን ለብቻው አዲስ ስለማይሸጥ ከሞተ ተመሳሳይ መፍጫ ላይ 300 ብር ገደማ ትገዣለሽ። ምላሷን በሙጫ መለጠፍ አይሠራም፤ በየቀኑ የምትጫን ነገር ናት፣ በሳምንት ትለቃለች። ከተጠገነ በኋላ "ተከፍቶ የተጠገነ" ብለሽ በግልጽ ነው የምትሸጪው፤ ለዚያ 2,700 ብር የሚሰጥ ይገኛል ብትዪ፣ ከአዲሱ 900 ብር ወርዷል። አጠቃላይ ጉዳቱ 310፣ 300ና 900፣ ማለት 1,510 ብር ነው። ከዚህ በላይ መቁረጥ አይቻልም፤ "ለድካሜ" ብሎ መጨመርም አያስፈልግም።

አሁን ማካፈሉ። ክዳኑ የተሰበረው ያለ ፎም ሲመለስ ስለሆነ 300ው የእሷ ነው። ፊውዙ አብዝቶ በመፍጨት ነው፣ ግን 30 ሰከንዱን አልነገርሻትም፤ 310ን ለሁለት፣ 155 ለእሷ። የዋጋ መውረዱንም ለሁለት፣ 450 ለእሷ። አጠቃላይ ከእሷ የሚቀነሰው 905 ብር ነው። ከ3,600 ላይ 905 ሲቀነስ 2,695 ብር ትመልሺላታለሽ።

ግን እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ ሌላ ምርጫ አቀርብላት ነበር። ዕቃውን ጠግኜ ልመልስልሽ፣ አንቺ ክዳኑንና የፊውዙን ግማሽ፣ 455 ብር ትከፍያለሽ፤ አጠቃቀሙን እነግርሻለሁ። ዕቃው ከእሷ ጋር ከቀረ የ900 ብሩ መውረድ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ስለዚህ የሁለታችሁም ኪሳራ ይቀንሳል። ቡና የምትፈጭ ሴት ደግሞ መፍጫውን እንጂ ብሩን ላትፈልግ ትችላለች።

---

ነጋዴው ልጅ | ማክሰኞ ቀን 10፡10

ግማሽ ግማሽ ለምን? በርበሬ የጨመረችው እሷ ናት። 70 በ30 ይሁን። 50 በ50 የሚባለው ሰው መወሰን ሲያቅተው ነው።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ማክሰኞ ቀን 10፡30

በዚህ ላይ ልከራከርህ አልችልም። 70 በ30 ከሆነ ፊውዙ ላይ 217፣ ዋጋ መውረዱ ላይ 630፣ ከክዳኑ ጋር 1,147 ይሆናል፣ የሚመለሰው 2,453 ብር ነው። ልዩነቱ 242 ብር ነው። ለዚህ ብር ከደንበኛ ጋር መጣላት ይገባል ወይስ አይገባም የሻጯ ውሳኔ ነው። እኔ 50 በ50ን የመረጥኩት፣ ሻጯ ጽፋ ቢሆን የማይሆን ነገር ስለሆነ ነው። ጽፋ ቢሆን ኖሮ መቶ በመቶ ለገዢዋ እሰጥ ነበር።

---

ደረሰኝ ጠባቂ | ማክሰኞ ማታ 12፡40

ቫት ለምትሰበስቡ አንድ ቃል፦ 3,600 ቫት ጨምሮ ከሆነ ዕቃው 3,130.43፣ ቫቱ 469.57 ነው። 2,695 ስትመልሱ ከዚያ ውስጥ 351.52 ብሩ ቫት ነው። ደረሰኝ ሳይቆረጥለት በቴሌብር ብቻ ከመለሳችሁት በሂሳብ መዝገባችሁ ላይ ሽያጩ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፣ ካልሸጣችሁት ዕቃ ቫት ትከፍላላችሁ። 905 ብሩ የዋጋ ቅናሽ ነው ወይስ የጉዳት ካሳ የሚለውን ግን እኔ በዚህ አልወስንም፤ ሂሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ።

---

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ማክሰኞ ማታ 1፡05

ቫት ተመዝጋቢ አይደለሁም፣ ግን ለሌሎች ይጠቅማል።

መልእክቱን እንዴት ልጻፍላት? ቁጣ እንዳይመስል፣ ግን ያየሁትንም እንዳልደብቅ ነው የፈለግኩት።

---

እትዬ ሸማች | ማክሰኞ ማታ 1፡40

መጀመሪያ ያንቺን ጥፋት ተናገሪ፣ ከዚያ ያየሽውን፣ ከዚያ ምርጫውን። ፎቶውን ከመልእክቱ በፊት አትላኪ፤ ክስ ይመስላል። እንዲህ ብትይስ፦

"ጤና ይስጥልኝ እህቴ። መፍጫው ደርሶኛል፣ ፈትሼዋለሁ። በመጀመሪያ፣ በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድና ከ60 ግራም በላይ እንደማይፈጭ ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ አልነገርኩዎትም፤ ይቅርታ። ስከፍተው ከቢላው ሥር ቡናና በርበሬ ተጠቅጥቆ ዘንጉን አክብዶታል፣ በዚህም ሞተሩ ግሎ የመከላከያው ፊውዝ ተበጥሷል። ሞተሩ ደህና ነው። ክዳኑ ደግሞ በመልስ መንገድ ያለ ፎም ስለመጣ ተሰብሯል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጠግኜ ክዳኑን ቀይሬ ልላክልዎት፣ እርስዎ 455 ብር ይጨምራሉ፣ የመላኪያውን እኔ እችላለሁ። ሁለተኛው፣ ዕቃውን እዚህ አስቀርቼ 2,695 ብር ልመልስልዎት። የቱ ይሻልዎታል? ፎቶዎቹን ማየት ከፈለጉ እልካለሁ።"

"ለምን ዋሸሽ" የሚል ቃል የለበትም። "ከመጀመሪያውም አልሠራም" ያለችውን አትመልሺላት፣ ራሷ ትተወዋለች።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ጽሑፉ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የምትመልሽበትን ቀን ጨምሪበት። "ከወሰኑበት ቀን ጀምሮ በሁለት ቀን ውስጥ" ብትዪ በየሰዓቱ አትደውልም። ብር ስትልኪም በዚያው ስም፣ በዚያው ስልክ ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ "መፍጫ ተመላሽ" ብለሽ ጻፊ።

የተጠገነውን ለሌላ ከሸጥሽው ደግሞ ቢላውን በትንሽ ደረቅ ሩዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ለአምስት አምስት ሰከንድ አስነሺው፣ ሩዙ የበርበሬውን ሽታና ቅባት ይይዛል። ታችኛውን ክፍል ውኃ ውስጥ አትንከሪ። ሽታው ካልለቀቀ 2,700 አትጠይቂበት።

---

ሄርማታ ዕቃ ቤት | ረቡዕ ጠዋት 4፡20

ላክሁላት። ፎቶውን ጠየቀች፣ ላክሁ። ስለ በርበሬው ምንም አላለችም፤ "30 ሰከንድ መሆኑን ባውቅ ኖሮ" አለች። 455ው ይሻለኛል ብላለች፣ ግን እሷ የከፈለችው የመመለሻ 120 ብር ከዚያ ላይ ይቀነስልኝ ትላለች።

በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? ቢቀነስ 335 ብር ነው የምትከፍለው።

---

ነጋዴው ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 4፡30

አትቀንሺ። ክዳኑን የሰበረው እኮ ያ መመለሻ ጉዞ ነው።

---

እትዬ ሸማች | ረቡዕ ጠዋት 4፡45

ቀንሺላት። ጥፋቱን ግማሽ ተቀብለሻል፣ መንገዱንም ቢያንስ ግማሹን ተቀበይ። 60 ብር።

---

የፈረንጅ አራዳ ጠጋኝ | ረቡዕ ጠዋት 5፡10

60ው ከስሌቱ ጋር ይሄዳል፤ 395 ትክፈል። ክዳኑን ዛሬ ከሰዓት ይዘሽው ነይ፣ ከመበየዴ በፊት ምላሱ ማብሪያውን በትክክል መንካቱን አብረን እናያለን። አዲሱን ካርቶን ስትዘጊ ግን ቪዲዮውን እስከ ቴፑ ድረስ አንሺው፣ 30 ሰከንድና 60 ግራም የሚለውንም በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈሽ ክዳኑ ላይ ለጥፊበት።